ጁባ ሲነጋ፦ ጸጥታ የሰፈነበት የጠዋት ጸሎት ቪዲዮ እንዴት ይዘጋጃል?

ጁባ የምትገኘው ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ በመሆኑ፣ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ከወር ወር እምብዛም አይለዋወጥም። ደቡብ ሱዳን እአአ የካቲት 1/2021 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ፣ የከተማዋ ንጋት በአካባቢው አቆጣጠር ጠዋት ስድስት ሰዓት አካባቢ ላይ ይውላል። ኢትዮጵያውያን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሉት ማለት ነው።

ሰዓቱ ለጸሎት የተመረጠ ቢሆንም ጸጥ ያለ ግን አይደለም። ኤሌክትሪክ የሌላቸው ወይም የተቋረጠባቸው ግቢዎች ጄነሬተር ያስነሳሉ። የውሃ ቦቴዎች ሥራ ይጀምራሉ፣ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ደንበኛ ፍለጋ ይወጣሉ። ከመስጊድ የአዛን ድምፅ፣ ከጎረቤት ግቢ የዶሮ ጩኸት ይሰማል። በዚህ መሃል አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ከድምፅ ጋር ለመጸለይ ሲሞክር፣ ቪዲዮው ራሱ የሙዚቃ ማጀቢያ፣ የሚበርሩ ጽሑፎችና በየሦስት ሴኮንዱ የሚቀያየሩ ምስሎች ካሉበት በጫጫታ ላይ ጫጫታ ይጨምርበታል።

ለዚህ ነው ከዚህ የተለየ አሠራር ያላቸው የጠዋት ጸሎት ቪዲዮዎች ተፈላጊ የሆኑት። አንድ ድምፅ ብቻ አለባቸው፤ ምስላቸው ዝግ ያለ ነው፤ በንባቡ መካከል ተመልካቹ በራሱ የሚጸልይበት የዝምታ ጊዜ ይተዋሉ። በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ አርምሞ የሚል የቆየ ቃል አለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በጫጫታ በተሞላ ከተማ ዝምታን መቅረጽ፣ ንግግርን ከመቅረጽ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጁባ ደግሞ ከቴክኒኩ ባሻገር ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ጦርነት ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ምን ያጋጥመዋል?

የአደባባይ ጸሎትና የብቻ ጸሎት

በጁባ ጸሎት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የአደባባዩን ነው። እአአ የካቲት 4/2023 ሟቹ ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ፣ በወቅቱ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ እና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መሪ የነበሩት ኢየን ግሪንሺልድስ በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ግቢ የጋራ ጸሎት መርተዋል። ባለሥልጣናት እንዳሉት ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ከበሮ፣ እልልታ፣ መዝሙርና ትላልቅ የድምፅ ማጉያዎች የዚህ ዓይነት ጸሎት አካል ናቸው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የተካሄደው ሌላ ክንውን ግን መልኩ የተለየ ነበር። እአአ ሚያዝያ 2019 የደቡብ ሱዳን መሪዎች ወደ ቫቲካን ተጠርተው ለሁለት ቀናት በጸሎትና በተመስጦ ቆይተዋል። በፍጻሜው ፍራንሲስ ተንበርክከው የፕሬዝዳንት ሳልቫ ኪርን፣ የሪክ ማቻርንና የሌሎች መሪዎችን ጫማ መሳማቸው ዓለምን አነጋግሯል። ከዚያ ምስል በስተጀርባ የነበረው መርሃ ግብር ግን ሰዎች ከንግግር ይልቅ ለዝምታና ለማሰላሰል ጊዜ የሚሰጡበት፣ በክርስትና ውስጥ ረጅም ታሪክ ያለው ልማድ ነው።

የዝምታ ጸሎት ቪዲዮ የሚከተለው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነው። አካሄዱም አዲስ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የካርቱሲያን መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎ ንባብን፣ ማሰላሰልን፣ ጸሎትንና ተመስጦን አራት ደረጃዎች አድርጎ ጽፏል። አጭር ንባብ ይነበባል፤ ዝም ይባላል፤ ከንባቡ ለልብ የቀረበው ሐሳብ ይጸለይበታል፤ በመጨረሻም እንደገና ዝም ይባላል። የዛሬዎቹ ቪዲዮዎች ይህንኑ ቅደም ተከተል ወደ ደቂቃና ሴኮንድ ይለውጡታል።

ሰባት ደቂቃ ተኩል በዝርዝር

ጉዳዩን ለመረዳት ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ ማለትም 450 ሴኮንድ፣ የሚረዝም አንድ ቪዲዮ በምሳሌነት እንውሰድ። ንባቡ እግዚአብሔርን በእረኛ የሚመስለው የዳዊት መዝሙር ነው። በብዙ የፕሮቴስታንት ትርጉሞች ቁጥሩ 23 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን 22 ነው። የተለያየ ቤተ እምነት ተከታዮች በሚገናኙበት ከተማ አዘጋጁ ቁጥሩን ከመጥራት ይልቅ የመዝሙሩን ይዘት ቢጠቅስ፣ አድማጭ በጸሎቱ መሃል ገጽ ከመፈለግ ይድናል።

ቪዲዮው በ10 ሴኮንድ ዝምታ ይጀምራል። ተመልካቹ ስልኩን የሚያስቀምጥበትና የሚደላደልበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ በ30 ሴኮንድ ሰላምታ ይቀርባል፤ ምን እንደሚነበብና ስንት ጊዜ ዝም እንደሚባልም ይነገራል። 15 ሴኮንድ ዝምታ ይከተላል። መዝሙሩ በእርጋታ ሲነበብ 75 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፣ ከዚያም 30 ሴኮንድ ዝምታ ይኖራል። መሪው በ30 ሴኮንድ አንድ ሐሳብ ብቻ አንስቶ ከመዝሙሩ አንዷን ሐረግ ይደግማል። ከዚህ በኋላ የቪዲዮው ረጅሙ ዝምታ፣ 60 ሴኮንድ፣ ይመጣል።

ቀጥሎ ሦስት አጫጭር ምልጃዎች ይቀርባሉ፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ታመሙና ስለ ተፈናቀሉ፣ ስለ አገር ሰላም። እያንዳንዳቸው 15 ሴኮንድ ንግግርና 15 ሴኮንድ ዝምታ አላቸው። አቡነ ዘበሰማያት በዝግታ ሲባል 45 ሴኮንድ ይፈጃል። የመዝጊያው ቃል 25 ሴኮንድ፣ የመጨረሻው ዝምታ 40 ሴኮንድ ነው። ሲደመር ንግግሩ 250 ሴኮንድ፣ ዝምታው ደግሞ 200 ሴኮንድ ይሆናል። ከቪዲዮው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጊዜ ማንም የማይናገርበት ነው ማለት ነው።

የዝምታዎቹ ርዝመት በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከ15 ሴኮንድ ጀምሮ ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 60 ያድጋል፤ ከዚያ መልሶ ያጥራል። አድማጭ ገና ሳይረጋጋ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ቢሰጠው አሳቡ ወደ ዕለቱ ሥራ ይሮጣል ወይም እጁ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። አጭሩ ዝምታ ለረጅሙ ያዘጋጀዋል።

አዘጋጆች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በቀረጻ ላይ ያለ ሰው ዝምታ ይረዝምበታል። 30 ሴኮንድ ቆይቻለሁ ብሎ ሲያስብ ያለፈው 10 ብቻ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በግምት ሳይሆን በሰዓት መሥራት፣ ወይም ንግግሩን ብቻውን ቀርጾ ዝምታዎቹን በኋላ በቅንብር ወቅት በልካቸው ማስገባት ነው።

ርዝመቱ ከስምንት ደቂቃ በታች መሆኑም ምክንያት አለው። ዩቲዩብ በቪዲዮ መካከል ማስታወቂያ የሚያስገባው ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚረዝሙት ላይ ነው። ኩባንያው እአአ ከ2025 ጀምሮ እነዚህን ማስታወቂያዎች ንግግር በሚቋረጥባቸው ተፈጥሯዊ ቦታዎች ላይ ለማዋል እየሠራ ነው። ለተራ ቪዲዮ ይህ መልካም ነው፤ ለዝምታ ጸሎት ግን ንግግር የሚቋረጥበት ቦታ የጸሎቱ ልብ ነው። በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ፣ በ60 ሴኮንዱ አርምሞ መሃል፣ የሳሙና ወይም የስልክ ማስታወቂያ ሊጮህ ይችላል ማለት ነው። ርዝመቱን ማሳጠር የመጀመሪያ መከላከያ ሲሆን፣ ከቪዲዮው በፊት ወይም በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ማስታወቂያ ግን አያስቀርም።

ጄነሬተሩን ከድምፁ መለየት

ከጁባ ጫጫታዎች ሁሉ ለቀራጭ አስቸጋሪው ጄነሬተር ነው። አነስተኛ የቤንዚን ጄነሬተር ባለ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል በሴኮንድ 25 ፍንዳታ ያሰማል። በቅርብ ሲሰማ ጩኸት፣ በሩቅ ሲሰማ ደግሞ የማያቋርጥ ጉምጉምታ የሚሆነው ይህ ነው።

ብዙዎች በቅንብር ወቅት ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይጠቀማሉ። ይህ የጉምጉምታውን የታችኛውን ክፍል ያስወግዳል፤ የሰው ድምፅም በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ችግሩ የሞተሩ ድምፅ በ25 ኸርዝ ላይ የማይቆም መሆኑ ነው። በ50፣ በ75፣ በ100 ኸርዝና ከዚያም በላይ እየተደጋገመ ይወጣና ከሰው ድምፅ ጋር በአንድ ስፍራ ይቀላቀላል። ያንን ክፍል በማጣሪያ ለመቁረጥ መሞከር የጸሎት መሪውን ድምፅ አብሮ ያቀጥነዋል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ከቅንብር በፊት ያለው ነው፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማቅረብ። በማይክሮፎንና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው የንግግር ድምፅ በስድስት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የጄነሬተሩ ድምፅ ግን ከሩቅ ስለሚመጣ በዚያች ትንሽ ልዩነት አይቀንስም። ስልኩን ከአንድ ሜትር ርቀት ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ብቻውን ከብዙ ማጣሪያ ይበልጣል። ስልኩ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎን ቢደረግ፣ እንደ "ፐ" ያሉ ፊደሎች ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ አይመታውም።

ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ቤት ድምፅን ያስተጋባል፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ካፊያ እንኳ በቆርቆሮ ላይ ንግግር ይሸፍናል። ብርድ ልብስና መጋረጃ መስቀል፣ ልብስ በሞላበት ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ መናገር ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ሞተሯ የጠፋ፣ መስኮቷ የተዘጋ መኪናም መቀመጫዎቿ ድምፅ ስለሚውጡ ጥሩ የቀረጻ ክፍል ትሆናለች። በጁባ ግን ሙቀቱ በደረቁ ወራት እጅግ ስለሚበረታ ይህን ማድረግ የሚቻለው ከንጋት በፊት ነው። የቤቱ ማራገቢያ በቀረጻ ጊዜ መጥፋት ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ጆሮ ይለምደዋል፣ ማይክሮፎን ግን አይለምደውም።

ዝምታው ሲጮህ

በጥንቃቄ የተቀረጸ ድምፅም ቢሆን በዝምታው ቦታ ላይ ሊበላሽ ይችላል። የአብዛኛው ስልክ ካሜራ የድምፅን መጠን በራሱ የሚያስተካክል አሠራር አለው። ሰው ሲናገር ዝቅ ያደርጋል፤ ንግግር ሲቋረጥ የሚሰማ ነገር ፍለጋ ከፍ ያደርጋል። ውጤቱ መሪው ዝም ባለ በሁለትና ሦስት ሴኮንድ ውስጥ የሩቁ ጄነሬተር፣ የጎረቤቱ ዶሮና የመንገዱ ሞተር ቀስ በቀስ እየጎላ መምጣቱ ነው። መሪው እንደገና ሲናገር ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ይህን ስህተት መለየት አይከብድም። ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ የመጀመሪያውን የዝምታ ቦታ መስማት ነው። ጫጫታው በዝምታው መጀመሪያና መጨረሻ እኩል ከሆነ ደህና ነው፤ እያደገ የሚሄድ ከሆነ የስልኩ አሠራር እየጎተተው ነው። መፍትሔው ይህን አሠራር ማጥፋት በሚቻልበት የድምፅ መቅጃ መተግበሪያ መጠቀም ነው። ያ ካልተገኘ ንግግሩን ብቻ ወስዶ ዝምታዎቹን በሌላ ድምፅ መተካት ያስፈልጋል።

በምን ይተኩ? ብዙ ጀማሪዎች የዝምታውን ቦታ ፍጹም ባዶ ያደርጉታል። ይህ ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛ፣ የክፍሉ ድባብ በድንገት ሲቆረጥ ጆሮ ይደናገጣል፤ አድማጩም ስልኩ የተበላሸ ወይም ኔትዎርኩ የተቋረጠ መስሎት ዓይኑን ይከፍታል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያዎች ምንም ድምፅ ካልደረሳቸው ራሳቸውን ያሳርፋሉ። ንግግሩ ሲቀጥል ለመንቃት ጥቂት ጊዜ ስለሚወስዱ የሚቀጥለውን ጸሎት የመጀመሪያ ቃል ይውጡታል።

ልምድ ያላቸው የድምፅ ባለሙያዎች ስለዚህ ከንግግሩ በፊት ወይም በኋላ የክፍሉን ባዶ ድባብ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይቀርጻሉ። ማንም አይናገርም፤ አይንቀሳቀስም። ይህ ናሙና ሁለት አገልግሎት አለው። እንደ ኦዳሲቲ ባሉ ነጻ የድምፅ ማቀናበሪያዎች ውስጥ ፕሮግራሙ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ የሚማርበት ናሙና ይሆናል። ከጸዳ በኋላም እጅግ ዝቅ ባለ መጠን በዝምታው ቦታ ይገባል። አድማጩ አይሰማውም፤ ቢጠፋ ግን ይሰማዋል።

በማጽዳቱ ላይም ልክ አለ። ጫጫታን ከመጠን በላይ መቀነስ ንግግሩን ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ያስመስለዋል፤ የቃላትን መጨረሻም ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ዴሲቤል ያህል መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ጄነሬተሩ እስኪጠፋ ጠብቆ እንደገና መቅረጽ ነው።

ዝግ ያለ ምስልና የዳታ ዋጋ

በምስሉም በኩል ሕጉ ተመሳሳይ ነው፤ ትኩረት የሚሰርቅ ነገር አለማስገባት። ለሰባት ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ አራት ምስል ይበቃል። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ አንዱ ወደ ሌላው በአምስት ሴኮንድ ያህል ቀስ ብሎ ይቀላቀላል። ምስል መቀየር ያለበት በንግግር መካከል እንጂ በዝምታ ጊዜ አይደለም። በዝምታ መሃል ምስሉ ከተለወጠ ዓይን ይከተለዋል፤ አሳብም አብሮ ይሄዳል።

የሚንቀሳቀሱ የንባብ ጽሑፎችም በዚሁ ምክንያት አይመከሩም። በጁባ አድማጮች የጁባ አረብኛ፣ ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ዛንዴና ሌሎች ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ የመንግሥት ሥራ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይከናወናል። ሁሉንም በአንድ ቪዲዮ ላይ በጽሑፍ ለመደርደር ከመሞከር፣ ምስሉን ሳይነኩ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ድምፅ መቅረጽ ይሻላል። ያኔም የንባቡ ርዝመት እንደየቋንቋው ስለሚለያይ ዝምታዎቹን ማሳጠር ሳይሆን ጠቅላላውን ጊዜ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ምስሉን ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው በጁባ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነጭ ዓባይ በከተማዋ ምሥራቅ ያልፋል፤ ጀበል ኩጁር የሚባለው ተራራም በምዕራብ በኩል ይታያል። ሆኖም በደቡብ ሱዳን ያለ ፈቃድ በአደባባይ ፎቶ ማንሳትም ሆነ ቪዲዮ መቅረጽ ለእስር እንደሚዳርግ የውጭ መንግሥታት የጉዞ ማሳሰቢያዎች ያስጠነቅቃሉ። ድልድይ፣ ወታደራዊ ስፍራና የመንግሥት ሕንፃ በተለይ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ የራስ ግቢ ይመረጣል፤ የማንጎ ዛፍ ቅጠል፣ በግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ የጠዋት ብርሃን፣ በጠረጴዛ ላይ ያለ የውሃ ብርጭቆ።

ዝግ ያለ ምስል ሌላ ጥቅምም አለው፤ ዳታ ይቆጥባል። ቪዲዮ ሲጨመቅ እያንዳንዱ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፤ በአብዛኛው የሚቀመጠው ካለፈው ቅጽበት የተለወጠው ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ምስል ትንሽ የሚለወጥ ነገር ስላለው ትንሽ ዳታ ይፈልጋል። የምሳሌያችን ቪዲዮ ምስልና ድምፁ ተደምሮ በሴኮንድ 300 ኪሎ ቢት ቢወስድ፣ ጠቅላላ መጠኑ 17 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበትና በሴኮንድ 1,500 ኪሎ ቢት የሚፈልግ ቪዲዮ በተመሳሳይ ርዝመት 84 ሜጋ ባይት ይደርሳል። ድምፁ ብቻ በ48 ኪሎ ቢት ቢላክ ደግሞ ከሦስት ሜጋ ባይት በታች ነው። በየቀኑ ለሚጸልይ ሰው ይህ ልዩነት በወር መጨረሻ በኪሱ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ጸጥ ያለ የሚመስል ምስል ሁሉ ለመጭመቅ አይመችም። የወንዝ ሞገድ፣ ጭጋግና የሚርገበገብ የሻማ ነበልባል በየቅጽበቱ ስለሚለወጡ በዝቅተኛ ዳታ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይበታተናሉ። የንጋት ሰማይም ከጥቁር ወደ ብርቱካናማ በሚያደርገው ሽግግር ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት ይሠራል። ቅጠልና ግድግዳ ከዚህ ይሻላሉ። ቪዲዮውን በትልቅ ስክሪን ሳይሆን ርካሽ በሆነ ስልክ፣ በዝቅተኛ የምስል ጥራት ማየት ትክክለኛው ፈተና ነው።

ስርጭቱን በአንድ መድረክ ላይ ብቻ መጣልም አደጋ አለው። እአአ ጥር 2025 በሱዳን ዋድ መዳኒ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከተሰራጩና በጁባ ሁከት ከተነሳ በኋላ፣ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፌስቡክና ቲክቶክ እስከ 90 ቀናት እንዲታገዱ አዝዞ ነበር። እገዳው በቀናት ውስጥ ቢነሳም፣ በእነዚያ ቀናት በፌስቡክ ብቻ ለሚቀርብ የጠዋት ጸሎት ተመልካች አልነበረም። በስልክ ላይ ተጭኖ በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አነስተኛ ፋይል በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል። ድምፁም ለሬዲዮ ይሆናል፤ እአአ በ2006 የተቋቋመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ሬዲዮ ባኪታን የመሳሰሉ ጣቢያዎች በጁባ አድማጭ አላቸው። በሬዲዮ ግን የ60 ሴኮንድ ዝምታ ጣቢያው የጠፋ ያስመስላል፤ ስለዚህ ዝምታው ከመጀመሩ በፊት መነገሩ የግድ ይሆናል።

ዝምታ የሚከብዳቸው

እስካሁን የተነሳው ሁሉ ዝምታ ለአድማጩ እንደሚጠቅም ታሳቢ አድርጎ ነው። በጁባ ይህ ለሁሉም እውነት አይደለም። ከተማዋ እአአ ታኅሣሥ 2013 እና ሐምሌ 2016 በጎዳናዎቿ ውጊያ አይታለች። የደቡብ ሱዳን የሕግ ማኅበር ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆኖ እአአ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ከተጠየቁ 1,525 ሰዎች 41 በመቶው ከደረሰባቸው ሰቆቃ በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ያለበት ሰው ሥራና ወሬ ሲኖር ትዝታውን አርቆ ሊይዘው ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁሉ ጸጥ ሲል ግን ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእርሱ የ60 ሴኮንድ አርምሞ ዕረፍት ሳይሆን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ይህም ከእምነት ማነስ የሚመጣ ሳይሆን የቆሰለ አእምሮ የሚሠራበት መንገድ ነው።

የቪዲዮ አዘጋጅ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት፣ ግን ቁም ነገር ያለው ነው። በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ዝምታው ስንት ጊዜና ለምን ያህል እንደሚቆይ መናገር አንዱ ነው። ያልታወቀ ዝምታ ያስፈራል፤ "አሁን ለአንድ ደቂቃ ዝም እንላለን" የተባለለት ግን ዳርቻ አለው። ሁለተኛው "ዓይናችሁን ጨፍኑ" ብሎ አለማዘዝ ነው። "ከፈለጋችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ካልፈለጋችሁ በስክሪኑ ላይ ያለውን ዛፍ ተመልከቱ" ማለት ይቻላል። ዝግ ያለው ምስል ትልቁን አገልግሎት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑን መጨፈን ለማይችል ሰው የሚያርፍበት ስፍራ ይሆነዋል። ስለዚህም በዝምታ ጊዜ ስክሪኑን ማጨለም ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ሦስተኛው የምልጃውን ቃል መምረጥ ነው። "የደረሰባችሁን አስታውሱ" የሚል ግብዣ ተከትሎት ዝምታ ከመጣ፣ አድማጩን ከትዝታው ጋር ብቻውን ይተወዋል። "በዛሬው ቀን ለምታገኙት አንድ ሰው ጸልዩ" የሚለው ግን አሳቡን ወደ ፊት ይመራል። በመጨረሻም የዝምታውን ፍጻሜ በደወል ወይም በድንገተኛ ድምፅ አለማብሰር ያስፈልጋል። በፍንዳታ ድምፅ ተደናግጦ የኖረ ሰው ከጸጥታ በኋላ የሚመጣ ድንገተኛ ድምፅ ያስበረግገዋል። የመሪው ድምፅ ራሱ፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ፣ በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቪዲዮ ሕክምና አይደለም። ዝምታው በተደጋጋሚ የሚያስጨንቀው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ወይም ከቪዲዮው በኋላ ለሰዓታት መረጋጋት ያቃተው ሰው ቪዲዮውን ትቶ ከሰዎች ጋር ቢጸልይና ወደ ጤና ባለሙያ ቢሄድ ይሻለዋል። አዘጋጁም ይህንን በቪዲዮው መግለጫ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጽፈው ይችላል።

አንድ ቪዲዮ ከመለቀቁ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ ፍተሻ በስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጄነሬተሮች ከተነሱ በኋላ፣ በተራ ስልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ነው። የመሪው ቃል ሁሉ ከውጪው ጫጫታ በላይ ከተሰማ፣ በዝምታው ጊዜ ማንም እጁን ወደ ስክሪኑ ካልሰደደ፣ በ40 ሴኮንዱ የመጨረሻ ዝምታ ውስጥም ከቪዲዮው የሚሰማ አንዳች ነገር ከሌለ ሥራው ተጠናቋል። ውጪ ያለው ዶሮና ቦዳ ቦዳ የከተማዋ ድምፅ ነው፤ እርሱን ዝም ማሰኘት የቪዲዮው ድርሻ አይደለም።